የተዘጋ አንጀት ላይ ተልባ አይጠጣም፦ ስለ ሆድ ድርቀት የምግብ መድኃኒቶች ማሳሰቢያ

ሆዱ የተነፋ፣ ጋዝ እንኳ ማውጣት ያቃተው፣ ቁርጠቱ እየመጣ እየሄደ የሚያሠቃየው ወይም ማስመለስ የጀመረው ሰው ካለ ተልባም፣ ፕሩንም፣ የጉሎ ዘይትም፣ ሰናመኪም አትስጡት። የያዘው ተራ የሆድ ድርቀት ላይሆን፣ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እነዚህ ምልክቶች ለሌሉበት ሰው ነው።

ወትሮ እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ይቀመጣል። እዚህ መጀመሪያ ላይ የመጣው በአገራችን የተለየ ምክንያት ስላለው ነው። በኢትዮጵያ ለትልቁ አንጀት መዘጋት ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። በሆድ ግራ ጎን ወደ ታች የሚገኘው የትልቁ አንጀት ክፍል በአንዳንድ ሰዎች ከተለመደው ይረዝማል፤ ይላላልም። አንድ ቀን በራሱ ላይ ይዞርና መተላለፊያው ይታነቃል። ከመተላለፊያው ጋር የደም ሥሩም ስለሚታነቅ ሰዓታት በነጎዱ ቁጥር አንጀቱ እየሞተ ይሄዳል። በጊዜ የደረሰ ሰው በቱቦ አየሩ ወጥቶለት ጠመዝማዛው ሊፈታ ይችላል፤ የዘገየው ግን የሞተው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት። ችግሩ፣ መጀመሪያ ላይ በሽተኛው የሚናገረው "ሆዴ ደርቆ እምቢ አለኝ" የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ቤተሰብም የሚያውቀውን ያደርጋል፦ ተልባ ይበጠብጣል፣ ነገ እናያለን ይላል። ያ ሌሊት ነው ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚያስከፍለው።

ተልባ በተዘጋ አንጀት ላይ ለምን እንደማይበጅ ለመረዳት በተከፈተው አንጀት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። የተልባ ፍሬ ቅርፊት ውሃ ሲነካው የሚዝለገለግ፣ ሙጫ የሚመስል ነገር አለው። ቤት ውስጥ ተልባ ዘፍዝፎ ያሳደረ ሰው ያውቀዋል። ይህ ዝልግልግ ነገር በትንሹ አንጀት ብዙም ሳይፈጭ ውሃውን እንደያዘ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያም ሰገራውን ያለሰልሰዋል፣ መጠኑንም ያበዛዋል። የሰገራው መብዛት የአንጀቱን ግድግዳ ወጠር ሲያደርገው አንጀቱ ይጨማደድና ወደ ታች ይገፋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ውሃ ይዞ ማበጥ። መንገዱ ክፍት ከሆነ እብጠቱ ይገፋል፤ መንገዱ ዝግ ከሆነ ግን ካለው ክምር ላይ ሌላ ክምር ይጨምራል። በቂ ውሃ ከሌለም ያው ነው። ደረቅ ዱቄት ቅሞ በአንድ ጉንጭ ውሃ ያወረደ ሰው ጉሮሮው ላይ ወይም አንጀቱ ውስጥ ሊያብጥበት ይችላል። በአሜሪካ በአሠራሩ የተልባ ዘመድ ሊባል የሚችለውን ሲሊየም የተባለውን የፋርማሲ ዱቄት የሚሸጡ ድርጅቶች "ያለ በቂ ውሃ ከተወሰደ ጉሮሮን ሊዘጋ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ ማሸጊያው ላይ እንዲያትሙ በሕግ የተገደዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ተልባን ለተለመደ የሆድ ድርቀት የሚያገለግል መድኃኒት አድርጎ ይቀበለዋል። ብዙዎች ይህንን የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ግማሽ ማን መውሰድ እንደሌለበት ይዘረዝራል፦ አንጀቱ የተዘጋ ወይም ይዘጋል ተብሎ የሚፈራለት፣ መዋጥ የሚቸግረው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከፊንጢጣው የሚወጣ፣ የመጸዳዳት ልማዱ ድንገት ተለውጦ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው። የመጨረሻው በተለይ ልብ ይባል። ዕድሜው ሃምሳ የሆነና እስከ ዛሬ ሆዱ አስቸግሮት የማያውቅ ሰው ባለፈው ወር ድርቀት ከጀመረው፣ ክብደቱም ከቀነሰ፣ ወይም የደም ማነስ ከታየበት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምርመራ እንጂ ተልባ አይደለም። የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲህ ሊጀምር ይችላል። ተልባው ለጥቂት ቀን ቢያለሰልስለት እንኳ ያተረፈው ነገር የለም፤ ምርመራውን ነው ያዘገየበት።

እንግዲህ ተልባ ይሠራል ወይ? ጥናቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉት ግን ተስፋ ይሰጣሉ። በኢራን የሆድ ድርቀትና ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ያለባቸውን 53 ሰዎች በዕጣ ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን በብስኩት ውስጥ 10 ግራም ተልባ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሌላው ተልባ የሌለው ብስኩት ሰጡ። ከ12 ሳምንት በኋላ የድርቀቱ ምልክቶች የቀለሉት ተልባ ለበሉት ነው። በቻይና የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 90 ሰዎችን ይዞ በቀን 50 ግራም የተልባ ዱቄትን ላክቱሎስ ከተባለው የታወቀ ሽሮፕ ጋር አነጻጸረ። በ4 ሳምንት ውስጥ በሳምንት 2 ጊዜ ይጸዳዱ የነበሩት ተልባ ተጠቃሚዎች ወደ 7 ጊዜ ከፍ አሉ፤ ላክቱሎስ የወሰዱት ደግሞ ወደ 6። ቁጥሩ የሚያስደስት ቢሆንም፣ በዚህኛው ጥናት ምንም ያልወሰደ ወይም የማስመሰያ ዱቄት የተሰጠው ቡድን አልነበረም። ሰዎቹ የሚበሉትን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከጭማሪው ምን ያህሉ የተልባው፣ ምን ያህሉ የተስፋው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሁለቱ ጥናቶች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ተልባው በየቀኑ፣ ከምግብ ጋር፣ ለሳምንታት ነው የተበላው። በሁለቱም ውስጥ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ማታ ጠጥቶ ጠዋት ሆዱን ያጠበ ሰው የለም። እኛ ቤት የለመድነው ግን ይኸኛውን ነው።

የአዘገጃጀቱ ነገር ሲነሳ እናቶቻችን ሳያውቁት አንድ ትክክለኛ ነገር ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ተልባን ያምሱታል። ጥሬ ተልባ ውስጥ ሲደቅና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሳያናይድ ሊለቅ የሚችል ንጥረ ነገር አለ። ሙሉው ፍሬ ሲዋጥ አብዛኛው ሳይነካ ያልፋል፤ ሲፈጭ ግን ይለቀቃል። ማመሱ ይቀንሰዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ለአዋቂ ሰው በቀን ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የታመሰ ተልባ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው ጥሬውን በብሌንደር እየፈጩ በየቀኑ በብዛት የመጠጣት ልማድ ነው፤ ይህ በውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ቤት "ተፈጥሯዊ ነው" እየተባለ ተስፋፍቷል። የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን የተፈጨ ተልባ አትብሉ፣ ሙሉውን ከሆነ በቀን ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ አትለፉ ሲል ሕዝቡን ይመክራል። ምክሩ ከሌሎች አገሮች ጠበቅ ያለ ነው፤ ለሕፃናት ግን እኔም ከዚያ የላላ ነገር አልልም። ለድርቀቱ ዓላማ ደግሞ መፍጨቱ ግዴታ አይደለም፤ ዝልግልጉ ያለው ቅርፊቱ ላይ ስለሆነ ሙሉው ፍሬ በደንብ ውሃ ጠጥቶ ሲወሰድም ይሠራል።

አንድ ምሳሌ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ሴትዮዋ 38 ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ትውላለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ትጸዳዳለች፤ ሰገራዋ ደረቅና ጠጠር ጠጠር ያለ ነው፤ ታምጣለች። ይህ ከዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ጾም ሲገባ ይብስባታል። ደም የለም፣ ክብደት አልቀነሰችም፣ ሆዷ ለስላሳ ነው፣ ጋዝ ይወጣታል፣ የምትወስደው መድኃኒት የለም። ይህ ተልባ ሊሞከርበት የሚገባ ድርቀት ነው።

ከመጀመሯ በፊት አንድ ሳምንት ትመዝግብ፦ ስንት ጊዜ ወጣች፣ ሰገራው ምን ይመስል ነበር፣ ስንት ጊዜ አማጠች። ይህንን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ በኋላም "የተሻለኝ ይመስለኛል" ከማለት የዘለለ ማስረጃ አይኖራቸውም። ከዚያ የታመሰና የተፈጨ ተልባ አንድ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ፣ 7 ግራም ገደማ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣ ከምግብ ጋር ትጠጣ፤ ከላዩ ሌላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ትጨምር። ለሦስትና ለአራት ቀን በዚሁ ትቆይ። ሆዷ ከተመቸው ጠዋትና ማታ ታድርገው፤ በሁለተኛው ሳምንት በቀን ወደ ሦስት ማንኪያ፣ 20 ግራም አካባቢ፣ ትድረስ። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ጾሟን ከምትፈታበት ምግብ ጋር ትውሰደው እንጂ ልትተኛ ስትል አይሁን፤ ሰው ከተጋደመ በኋላ ውሃም አይጠጣም፣ የወሰደው ዱቄትም ጉሮሮው ላይ ሊቆይበት ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሆዷ ሊነፋና ጋዝ ሊበዛባት ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀስ እያለ ይለቃል። ተልባ መሥራት የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በኋላ ምንም የለም ብላ መጠኑን እጥፍ ማድረግ የለባትም። ጀምራ ሦስት ቀን ሙሉ ጭራሽ ካልወጣች፣ ወይም ሆዷ እየጠነከረና እየተወጠረ ከሄደ፣ ተልባውን ታቁምና ትታይ። ሁሉም ነገር ደህና ከሄደ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ መዝገቧን ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር ታስተያይ። በሳምንት ከሁለት ወደ ሦስትና አራት መድረስ፣ ጠጠሩ ወደ ለስላሳ መለወጥ ጥሩ ውጤት ነው። በየቀኑ መጸዳዳት ግዴታ አይደለም፤ በቀን ከሦስት ጊዜ እስከ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያለው ሁሉ ጤነኛ ሰው ላይ ይታያል። በየዕለቱ ካልወጣሁ ብሎ መጠኑን የሚያንር ሰው የሚሻውን ሳይሆን ቁርጠት ነው የሚያገኘው።

በአራት ሳምንት ለውጥ ካልመጣስ? እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባ የቆየ የጀርመን ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ይህ ጥናት ሥር የሰደደ ድርቀት ያለባቸውን 149 ሰዎች ሲሊየም ቢያንስ ለ6 ሳምንት እንዲወስዱ አድርጎ፣ ከዚያ ችግራቸው ምን እንደሆነ መረመረ። ምርመራው ምንም ልዩ ችግር ካላሳየባቸው ሰዎች 85 በመቶው ተሽሏቸው ነበር። አንጀታቸው በጣም ቀርፋፋ ከሆነባቸው ግን 80 በመቶው ምንም አልረዳቸውም፤ በማማጥ ጊዜ የፊንጢጣ ጡንቻ ሊላላ ሲገባው ከሚጨመደድባቸው ሰዎች ደግሞ 63 በመቶው እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች ተልባ መጨመር፣ ሽሮና ምስር ማብዛት፣ "ፋይበር ብሉ" የሚል ምክር መደጋገም ሆድ ከመንፋት በቀር ትርፍ የለውም። ጡንቻው የሚጨመደድባቸው ሰዎች በሠለጠነ ባለሙያ እየታገዙ ጡንቻውን ማላላት ይማራሉ፤ ለቀርፋፋው አንጀት ደግሞ መድኃኒቶች አሉ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2023 ባወጡት የጋራ መመሪያ ከሁሉ አጥብቀው ከደገፏቸው መካከል ውሃን አንጀት ውስጥ የሚይዘው ፖሊኢታይሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት ይገኛል፤ ፋይበርን ግን የደገፉት በለዘበ ቃል ነው። እኛ አገር ከጤፍ፣ ከሽሮና ከምስር የተነሳ ፋይበር ያልጎደለው ሰው ብዙ ነው። ሳህኑ ሁሌም በፋይበር የተሞላ ሆኖ ሆዱ የሚደርቅ ሰው ችግሩ ሌላ ቦታ መሆኑን መጠርጠር አለበት።

ወደ ፕሩን ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፕሩን የሚባለው የደረቀው ፕለም ከተልባ በተለየ በሁለት መንገድ ይሠራል። 100 ግራሙ 6 ግራም ያህል ፋይበር አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ 15 ግራም የሚጠጋ ሶርቢቶል ይዟል። ሶርቢቶል ሰውነት በደንብ የማይመጥጠው ስኳር መሰል ነገር ሲሆን ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 40 ሰዎች ለሦስት ሳምንት ፕሩን፣ ለሌላ ሦስት ሳምንት ሲሊየም እንዲወስዱ አደረገ። ፕሩኑ 50 ግራም፣ ስድስት ፍሬ ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነበር፤ የሁለቱ የፋይበር መጠንም እኩል ተደርጓል። ሳይቀር ወጣልኝ የሚሉት ጊዜ በፕሩኑ በሳምንት 3.5፣ በሲሊየሙ 2.8 ሆነ። ልዩነቱ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ግን እውነተኛ ነው፤ ሰገራውንም ይበልጥ ያለሰለሰው ፕሩኑ ነው። በ2021 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 79 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ፕሩን፣ ሲሊየምና በቀን ሁለት አረንጓዴ ኪዊ ለ4 ሳምንት አነጻጸረ። ሦስቱም ሠሩ፤ የጎንዮሽ ቅሬታ በጣም ያነሰው ግን ኪዊ በበሉት ዘንድ ነው። የጥናቱ ገንዘብ የመጣው ከዜስፕሪ፣ ከኒውዚላንዱ የኪዊ ሻጭ፣ መሆኑ ይታወስ። ውጤቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሦስቱ እኩል በሠሩበት ጥናት "ኪዊ ይሻላል" የሚለው ርዕስ ከማን እንደሚመጣ ለማወቅ ግን ይረዳል።

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ሰው ፕሩን ሱፐርማርኬት ውስጥ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ላይ ውድ ነው፤ ተልባ ያለው ሰው ፕሩን ፍለጋ መዞር የለበትም። ብዙዎች በፕሩን ፋንታ ቴምር ይበላሉ። ቴምር ጥሩ ምግብ ነው፤ ፋይበርም አለው፤ ሶርቢቶሉ ግን ከሞላ ጎደል የለውም፤ ስለዚህ የፕሩን ጥናት ለቴምር አይሠራም። ጭማቂውም ከፍሬው እኩል አይደለም፤ ፋይበሩ በአብዛኛው ተጣርቶ ቀርቷል። ፍሬውን የሚጀምር ሰው በቀን ሦስት አራት ፍሬ ይዞ ይነሳ፤ አሥራ ሁለቱን በአንድ ቀን የበላ ሰው ሶርቢቶሉ ተቅማጥና ቁርጠት ሊያመጣበት ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ 100 ግራም ፕሩን ውስጥ 38 ግራም ያህል ስኳር እንዳለ ይቁጠር። የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ፦ ያው መጠን ከ700 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም አለው፤ ኩላሊቱ ፖታሲየም ማውጣት ያቃተው ሰው ልቡ ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፕሩን አይጀምር።

ፕሮባዮቲክ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ለማሳሰብ የሚበቃው ነገር አጭር ነው። በእርጎና በእንክብል የሚሸጡት ባክቴሪያዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ዝርያቸው ይለያያል፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው አይቆጠርም። ትናንሽ ጥናቶች ሲደመሩ መጠነኛ ጥቅም ያሳዩበት ጊዜ አለ። ከዚያ አንድ በጣም የተወደሰ ዝርያ፣ ቢፊዶባክቴሪየም ላክቲስ ኤችኤን 019 የተባለው፣ በቻይና 229 ሰዎች ላይ ለ8 ሳምንት ከማስመሰያ ጋር ተፈተነ። በ2024 የታተመው ውጤት ከማስመሰያው ልዩነት አላሳየም። ፋርማሲ ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ጠርሙስ የትኛው ዝርያ እንዳለበት እንኳ የማይጽፍ ከሆነ ገንዘቡን መቆጠብ ይሻላል። ካንሰር የሚታከም ወይም በሌላ ምክንያት የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰደው። የቤት እርጎ ለሆድ ይስማማኛል የሚል ይጠጣ፤ ሳይፈላ ከተቀመጠ ወተት የተሠራ ከሆነ ግን ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ።

ሰናመኪና የጉሎ ዘይት ከምግብ ተርታ ቢቆጠሩም ምግብ አይደሉም፤ አንጀትን እየቀሰቀሱ የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ሰናመኪ በሐኪም ምክር ለአጭር ጊዜ ቦታ አለው፤ በሻይ መልክ እንደ ቁርስ በየጠዋቱ መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአንዱ ብርጭቆ ያለው መጠን ከሌላው አይመጣጠንም። የጉሎ ዘይት ነፍሰ ጡር ሴት አትውሰድ፤ ማሕፀንን ሊያስምጥ ይችላል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ተልባም፣ ቅቤም፣ ጭማቂም አይሰጥ። ዓመት ሳይሞላው ማር በምንም መልኩ አይስጡት፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ጀርም ጡንቻውን የሚያዝልና እስትንፋሱን የሚያሰጋ መመረዝ ያስከትልበታል፤ የዚህ መመረዝ የመጀመሪያ ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱ የሆድ ድርቀት ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ጥቂት ቀናት ሳይወጣ ቢቆይና ሰገራው ለስላሳ ከሆነ፣ ሲጠባና ሲያድግም ደህና ከሆነ አይደንግጡ፤ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰ ግን ወዲያው ይወሰድ።

ምግብ ከመፈለግ በፊት አንድ ቦታ መታየት አለበት፤ የመድኃኒት ሳጥኑ። ለነፍሰ ጡር ሴት የሚታዘዘው የአይረን ክኒን ሆድ ያደርቃል። ትራማዶልና ኮዴይን ያደርቃሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ቬራፓሚል፣ ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ የካልሲየም ክኒንም እንዲሁ። ድርቀቱ ክኒኑ በተጀመረ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከመጣ ቀኑን ጽፈው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ያሳዩ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ድርቀት ያመጣል፤ ከድርቀቱ ጋር ብርድ መፍራት፣ ድካምና የድምፅ መጎርነን ካለ የደም ምርመራ ይጠየቅ። የአይረኑን ክኒን በራስ ሥልጣን ማቋረጥ አይገባም፤ ሐኪም ዓይነቱን ሊቀይር ወይም አወሳሰዱን ሊያስተካክል ይችላል። እስከዚያ ተልባ የምትወስድ ሴት ክኒኑንና ተልባውን አንድ ላይ አትዋጥ፤ ዝልግልጉ መድኃኒት ይይዛልና ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። የታይሮይድ ክኒን የሚወስድ ሰውም ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ ይውሰድና ተልባውን ለምሳ ያቆየው።